ከክሊራንስ ጥያቄው ጋር ያያያዝሁት ስም

ኢሜሉን የላክሁት እኔ ነኝ። አባሪዎቹን አንድ በአንድ ስካን አድርጌ ያያያዝሁትም እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከዚህ በታች ብዙ ሰው ላይ ስለምቆጣ ነው። ቁጣዬ እኔን ዘልሎ ወደ ሌላ እንዲሄድ አልፈልግም።

ቦንጋ ውስጥ ማር አጣርቶ በሚሸጥ ድርጅት ጸሐፊም ገንዘብ ያዥም ነኝ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይባላል እንጂ ባለድርሻዎቹ ጋሼና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ጋሼ የምለው ሥራ አስኪያጁን ነው። ማሩ ከደካ፣ ከሺሺንዳና ከዋጫ በጀሪካን ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ይጣራል፣ ይታሸጋል፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አሥራ አራት ሠራተኞች ነበርን። አሥራ አራት የምለው በወረቀት ነው።

ባለቤቴ የዚሁ ድርጅት ሹፌር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የጋሼን አይሱዙ ነድቷል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ጉበቱን ታሞ ጅማ ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ አልወጣም። ሦስት ልጆች ትቶልኛል።

በአርባው ቀን ጋሼ ቤቴ መጡ። ሰዉ ሲቀንስ ወደ ጓዳ በር ጠሩኝና በቁማቸው እንዲህ አሉኝ፦

«የሱ ደመወዝ አይቆምም። እስከዚያች ትንሿ ልጅ ድረስ ራሳቸውን እስኪችሉ አይቆምም።»

«ጋሼ፣ እንዴት ብሎ?»

«በስሙ ይወጣል። እኔ ለአንቺ ድጎማ ምናምን እያልሁ አልሰጥሽም። ልጆቹ የአባታቸውን ደመወዝ ይበላሉ እንጂ የኔን እጅ አያዩም። ጨርሻለሁ።»

ጋሼ ጨርሻለሁ ካሉ ጨርሰዋል። እኔም የዚያን ቀን ክርክር የምችል ሰው አልነበርሁም። የሦስት ልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ፣ ዘይትና ጤፍ ነበር የሚታየኝ። እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ ብዬ በሌሊት ተነሥቼ ሰገድሁ።

ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ የደመወዙን ዝርዝር ስሠራ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ስሙን እጽፋለሁ። በሥራ መደቡ ሥር «ሹፌር» እላለሁ። በሱ ቦታ የተቀጠረውን አዲሱን ሹፌር ደግሞ መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ። አንድ መኪና፣ ሁለት ሹፌር። የፊርማው ቦታ ላይ በራሴ ረድፍ እፈርማለሁ፤ ወረድ ብዬ በሱም ረድፍ ያንኑ ፊርማዬን አስቀምጣለሁ። የሱን ፊርማ አስመስዬ አልፈረምሁም። ይህን ለራሴ እንደ ንጽሕና እቆጥረው ነበር።

ከደመወዙ ላይ የሥራ ግብሩ ይቆረጣል፣ የጡረታ መዋጮው ይቆረጣል፣ ድርጅቱም የራሱን ድርሻ ይጨምራል፤ ሁሉም በወቅቱ ይከፈላል። በየወሩ በኮምፒዩተር ስናሳውቅ ስሙ ከነግብር ከፋይ ቁጥሩ ይገባል። የሚከለክል የለም፣ የሚጠይቅም የለም። የማንንም አልወሰድንም ብዬ አምን ነበር። አሥራ አራት ወር እንዲህ ሄደ።

ታኅሣሥ መጣ። ንግድ ፈቃዳችን እስከ ወሩ መጨረሻ መታደስ ነበረበት። ፈቃዱ እንዲታደስ ከግብር ዕዳ ነጻ መሆናችንን የሚገልጽ የክሊራንስ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው ገዢያችንም የታደሰ ፈቃድ ሳያይ የዓመቱን ውል እንደማይፈርም ነግሮናል። የገቢ ግብሩን ማስታወቂያ ጥቅምት ሳያልቅ ከሒሳብ መግለጫው ጋር አስገብተን ከፍለናል፤ ስለዚህ ክሊራንሱ የሁለት ቀን ጉዳይ መሰለኝ።

ግብሩን ወደምንከፍልበት መሥሪያ ቤት ደወልሁ። የኛን ፋይል የያዘው ባለሙያ የዕድራችን ሰው ነው። በአንድ ሰፈር ነው የምንኖረው፤ የምንሳለመውም አንድ ደብር ነው።

«እህቴ፣ አትመላለሺ» አለኝ። «ሰነዶቹን በሙሉ ስካን አድርጊና በኢሜል ላኪልኝ። የጎደለ ካለ እነግርሻለሁ። ሲሞላ ደብዳቤውን መጥተሽ ብቻ ትወስጃለሽ።»

«ምን ምን ልላክ?»

ዘረዘረልኝ፤ ጻፍሁ። መጨረሻ ላይ «የኅዳርን ፔይሮልም፣ የተፈረመበትን» አለኝ። እሺ አልሁት። ለደግነቱ አመሰገንሁት።

ኢሜሉ እንዲህ ይላል። አሁንም ከላክኋቸው ውስጥ አለ፤ አልሰረዝሁትም።

«ጉዳዩ፦ የታክስ ክሊራንስ ደብዳቤ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። ድርጅታችን የዚህን ዓመት ንግድ ፈቃድ ለማሳደስ የክሊራንስ ደብዳቤ ስለሚያስፈልገው፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ሰነዶች ከዚህ መልእክት ጋር አባሪ አድርገን የላክን መሆኑን እየገለጽን፣ ደብዳቤው እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ከሥሩ አባሪዎቹ ናቸው። ጋሼ የፈረሙበትና ማኅተም ያረፈበት የጥያቄው ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃዱ ቅጂ፣ የግብር ከፋይ መለያ ምስክር ወረቀቱ፣ ያለፈው ዓመት የገቢ ግብር ማስታወቂያ ከነደረሰኙና ከሒሳብ መግለጫው ጋር፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ከሌሎች ላይ ቀንሰን ያስቀረነው ቅድመ ግብር፣ የሥራ ግብሩና የጡረታው የመጨረሻ ወር ማስታወቂያዎች ከነደረሰኞቻቸው። የመጨረሻው አባሪ የኅዳር ወር የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ በሦስተኛው ሄደ። ተመስገን ብዬ የማር ጣሳ ልቆጥር ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ።

በስልክ «አንቺ» እና «እህቴ» የሚለኝ ሰው በኢሜሉ «እርስዎ» ብሎኛል። ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ብሎ ጀምሮ፣ የተላኩት ሰነዶች መታየታቸውን ጠቅሶ፣ «በደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ በተራ ቁጥር 7 የተመለከቱት ሠራተኛ በሥራ ላይ ያሉ ስለመሆናቸውና በስማቸው ስለተፈረመው ፊርማ የጽሑፍ ማብራሪያ እስኪቀርብ ድረስ የክሊራንስ ጥያቄውን ለማስተናገድ የምንቸገር መሆኑን እንገልጻለን» ይላል።

በሥራ ላይ ያሉ ስለመሆናቸው!

ቀብሩ ላይ ነበር። አፈር ካለበሱት መካከል አንዱ እሱ ነው። ሦስት ቀን ድንኳናችን ሥር ተቀምጧል። በሥራ ላይ አለ ወይ ብሎ በማኅተም ይጠይቀኛል? ነጠላዬን አነሣሁና ወጣሁ። ለጋሼ አልነገርሁም። ባጃጅም አልያዝሁም። ዳገቱን ስወጣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሄድሁ። የነቢያት ጾም ነበር፤ ገና አልቀመስሁም፤ ባዶ ሆዴን የሞላው ንዴት ነው።

ከጠረጴዛው ፊት ቆምሁ። ሌላ ባለጉዳይ ተቀምጦ ነበር፤ አላፈርሁም።

«አንተ፣ ባሌ የት እንዳለ አታውቅም?»

ቀና አለ። ባለጉዳዩን «አንዴ ውጭ ቆዩልኝ» አለው። ሰውየው ሊሰማ ፈልጎ እየተጎተተ ወጣ።

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። የት እንዳለ አታውቅም ወይ?»

«አውቃለሁ እንጂ። ስለማውቅ ነው የጻፍሁት።»

«ንፍሮውን በልተህ፣ አልቃሽ መስለህ ተቀምጠህ፣ ዛሬ በሥራ ላይ አለ ወይ ትለኛለህ?»

«እህቴ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ሞቷል ብዬ ልጻፍ? እናንተ ናችሁ አለ የምትሉት። በማኅተም ነው የላካችሁልኝ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላ ሰው ፋይሉን ይዞት ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። ስም ነው፤ ማን ያውቀዋል። እኔ ግን ያንን ስም ሳይ እጄ ቆመ። ከዚህ በታች ፊርማዬን ባኖር ሰውየው ኅዳር ወር ሠርቷል ብዬ መሰከርሁ ማለት ነው። እኔ አፈር ያለበስሁት ሰው!»

«ግብሩ ተከፍሏል» አልሁ። «ሳንቲም አልቀረም። መንግሥት ምን ቀረበት?»

«ደመወዙን ድርጅቱ በወጪ ይዞታል አይደል? ያልሠራ ሰው ደመወዝ ወጪ ተብሎ ከትርፉ ላይ ከተቀነሰ ትርፉ ያንሳል፣ በትርፉ ላይ የሚከፈለው ግብርም ያንሳል። ጋሼ ከኪሳቸው ቢሰጡሽ ማንም አይጠይቃቸውም። በሠራተኛ ስም ሲሆን ግን እዚህ እኛ ቤት ስም አለው።»

«ምን ይባላል?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ።

«ንገረኛ፣ ምን ይባላል?»

«የሌለ ሠራተኛ ነው የሚባለው» አለ።

የሌለ ሠራተኛ። አሥራ አንድ ዓመት የደካን ጭቃ መንገድ በዝናብ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው። መኪናው ሲቀበር ማሩን በጀርባው ያወጣ ሰው። በሩን ስወጣ አንድ ነገር ከኋላዬ ተናገረ፤ ጡረታ ሲል ሰምቻለሁ። አልዞርሁም።

ስመለስ ጋሼ ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ማር ካመጣ ነጋዴ ጋር ይከራከሩ ነበር። ነጋዴው እስኪሄድ ጠበቅሁና ኢሜሉን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መቆጣት ጀመሩ። ጋሼ ሲቆጡ ከአማርኛው ይወጡና ወደ ካፊኖኖ ይገባሉ፤ ሲበርድላቸው ይመለሳሉ። ብዙ ቆዩ።

«ያ ልጅ ሲያድግ አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እኔን ሌባ ሊለኝ ነው?»

«ሌባ አላለም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አለ?»

አልነገርኋቸውም። ያንን ቃል በራሴ አፍ መድገም አልፈለግሁም።

ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «የሟች ወንድም አለ አይደል፣ ዋጫ ያለው?»

«አለ።»

«ጥሩ። የነዳልን ወንድሙ ነው፣ ስሙን ስንጽፍ ተሳስተን የሟቹን ጻፍን ብለሽ መልሺለት። የአባት ስማቸው አንድ ነው። ያምራል።»

«ወንድሙ እኮ ገበሬ ነው። መንጃ ፈቃድ የለውም።»

«ማን ይጠይቀዋል?»

«የግብር ከፋይ ቁጥሩስ? በየወሩ ያስገባነው የባለቤቴን ቁጥር ነው። ቁጥር በስሕተት የሰው አይሆንም።»

«አንቺ መፍትሔ አምጪ ስልሽ እንቅፋት ትቆጥሪያለሽ!»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልጽፈውም። አንድ የሞተ ሰው ደብቀናል። አሁን ደግሞ በሕይወት ያለውን ወስጄ እላዩ ላይ አልጭንበትም።»

ቀና ብለው አዩኝ። እንዲያ ዐይተውኝ አያውቁም።

«አሃ! ጾመኛዋ! ዛሬ ኃጢአት ትዝ አለሽ? አሥራ አራት ወር ስትፈርሚ ሃይማኖቱ የት ነበር? እ? ጓዳ?»

ሁለት የማጣሪያ ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ያዩን ነበር። ልክ ነበሩ፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ልጆቼን የሚያበላልኝ ሰው፣ እውነቱን በዚያው እጁ መታኝ።

«ፈቃዱ ካልታደሰ» አሉ ጋሼ ሲነሡ፣ «ውል የለም። ውል ከሌለ ይሄ ሁሉ ሰው ቤቱ ይገባል። አንቺም ጭምር። ደብዳቤው ከተጻፈ ደግሞ የሱ ደመወዝ ቀረ ማለት ነው። በልጆቹ አፍ ነው የምትጽፊው። እንደ ልብሽ አድርጊ።»

እንደ ልብሽ አድርጊ ብለው ለኔ መተዋቸው ከስድቡ ይልቅ አናደደኝ። ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው፤ የሚፈርሙት እሳቸው። ስሙን የምትደመስሰው ግን እኔ ልሁን? እሺ ብዬ ለአርባው ቀን ቃላቸው አንገቴን የደፋሁ ጊዜ ይህንን አስቤ ነበር? በዚያ ሰሞን ጸሎቴ ሁሉ ክስ ሆነ። ጌታ ሆይ፣ ሰውየውን ወሰድኸው፤ ስሙን እንኳ ብትተውልን ምን ነበረበት? እንዲህ ብዬ ጸልያለሁ። ንስሐ አባቴ ሰምተውኝ ሲያበቁ «አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» ብቻ አሉኝ። የሞት ምስክር ወረቀት ላወጣ ነው አልኋቸው። ይህን ስል ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱ እንደሌለኝ አሰብሁ።

አላወጣሁትም ነበር። በደመወዙ ዝርዝር ላይ ያለ ሰው የሞት ወረቀት አያስፈልገውም።

ቀበሌ ሄድሁ። የሆስፒታሉን ማስረጃ ከዳዊቴ ውስጥ አውጥቼ ለመዝጋቢዋ ሰጠኋት። ወጣት ናት፤ ቀኑን አየችና «ይህን ያህል የት ቆዩ፣ እናቴ? በወቅቱ ነበር እኮ የሚመዘገበው» አለችኝ።

«ደመወዝ እየበላን» አልኋት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። የዘገየበትን ምክንያት የሚጠይቀውን ቅጽ አስሞላችኝ፤ የዘገየበትን ከፈልሁ። ወረቀቱ ሲታተም ስሙ ከላይ፣ ሞት የሚለው ከሥሩ ወጣ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ማብራሪያውን ቢሮ ተቀምጬ ጻፍሁ። አጭር ነው። ሠራተኛው በዚህ ቀን ማረፉን፣ ከዚያ ወዲህ በስሙ የተከፈለው ገንዘብ ለቤተሰቡ መርጃ ተብሎ መሰጠቱን፣ በስሙ አንጻር የተቀመጠው ፊርማ የባለቤቱ፣ ማለትም የድርጅቱ ጸሐፊ መሆኑን፣ ድርጅቱም ማስታወቂያዎቹን ለማስተካከል ዝግጁ መሆኑን። ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ «ባለቤቱ» የሚለው እኔ ነኝ፤ «ጸሐፊ» የሚለውም እኔ ነኝ። አትሜ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁላቸው። አንድ ቀን ሙሉ እዚያው ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ተፈርሞበት፣ ማኅተሙም አርፎበት አገኘሁት። ጋሼ ግን አልነበሩም፤ ሺሺንዳ ማር ሊያዩ ሄደዋል ተባለ። የሺሺንዳ ገበያ ቀን አልነበረም።

የሒሳብ ባለሙያችን የሚኖረው ጅማ ነው። በስልክ ስነግረው «ይሄንን ለኔ ሳትነግሩኝ ነው ሒሳቡን ያስፈረማችሁኝ?» ብሎ ጮኸብኝ። ጮኾ ሲያበቃ ሠራው። ያለፈውን ዓመት የገቢ ግብር ማስታወቂያ አሻሻለ፤ በባለቤቴ ስም የወጣውን ደመወዝና የድርጅቱን የጡረታ ድርሻ ከወጪው አወጣ፤ የወር ማስታወቂያዎቹም እንዲስተካከሉ ማመልከቻ ተጻፈ። የገቢ ግብሩ ልዩነት ከነወለዱና ከነቅጣቱ ተከፈለ። ቼኩን የፈረሙት ጋሼ ናቸው።

ሁለተኛውን ኢሜል ላክሁ። ማብራሪያው፣ የሞት ምስክር ወረቀቱ፣ የተሻሻለው ማስታወቂያ፣ ደረሰኞቹ። መጨረሻ ላይ የኅዳር ፔይሮል እንደገና ተሠርቶ፣ አሥራ ሦስት ሰው። ከዝርዝሩ ላይ ረድፉን ስሰርዝ ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ራሱ አስተካከለው። ስምንተኛው ሰባተኛ ሆነ። አንዲት የማጣሪያ ሠራተኛ ባለቤቴ የነበረበት ቦታ ላይ መጣች። ምንም አላጠፋችም። የዚያን ቀን ግን ሳያት ጠላኋት።

ባለሙያው ደወለ። «ደርሶኛል። ለኃላፊዬ አቅርቤዋለሁ። ነገ ማለዳ ነይ።»

«እሺ» ብዬ ልዘጋ ስል «አትዝጊ» አለኝ። «ያን ዕለት አልሰማሽኝም። ባለቤትሽ ስንት ዓመት ነው የሠራው?»

«አሥራ አንድ።»

«በነዚያ ዓመታት ሁሉ የጡረታ መዋጮ ተከፍሎለታል። አሥር ዓመት ካለፈው እኮ ለተተኪዎቹ የዘወትር አበል አለው፤ ለሚስት አለ፣ ለልጆች አለ። ግን ሥራ ላይ ነው እየተባለ በየወሩ መዋጮ ሲገባለት ማን የተተኪ አበል ይሰጥሻል? መብታችሁን ራሳችሁ ዘግታችሁት ነበር። እኔ የማየው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ጡረታ ሄደሽ ጠይቂ። ድርጅቱ የመጨረሻ የሥራ ቀኑን ጠቅሶ ደብዳቤ ይጻፍልሽ።»

ማመስገን ነበረብኝ። አመሰገንሁትም፤ በጥርሴ ነው። በልቤ ያለው ሌላ ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ የልጆቼ የሆነ ነገር ተቀምጦ ነበር። እኔ ግን የሌላ ሰው ገንዘብ በባሌ ስም እየፈረምሁ እወስድ ነበር። ማን ላይ ልቆጣ? ጋሼ ላይ ተቆጣሁ፤ ሳይጠይቁ ስለ ወሰኑ። ሒሳብ ባለሙያው ላይ ተቆጣሁ፤ ሁለት ሹፌር ለአንድ መኪና ምን ያደርጋል ብሎ ስላልጠየቀ። ባሌ ላይም ተቆጣሁ። በሞቱ ተቆጣሁበት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልሁም።

የክሊራንሱ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። ድርጅቱ እስከ ተጠቀሰው ጊዜ የሚፈለግበትን ግብር አሳውቆ የከፈለ በመሆኑ ንግድ ፈቃዱ ቢታደስለት መሥሪያ ቤቱ ተቃውሞ የሌለው መሆኑን ይገልጻል። ባለሙያው ደብዳቤውን ሲሰጠኝ በሁለት እጁ ነው። ፈርሜ ተቀበልሁ፤ በራሴ ስም፣ አንድ ጊዜ። የዚያኑ ዕለት ለንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባሁት። ፈቃዱ ወሩ ሳያልቅ ታደሰ፤ ገዢውም ውሉን ፈረመ። ማንም ቤቱ አልገባም።

በልደት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ባለሙያውን ከነቤተሰቡ አገኘሁት። «እንኳን አደረሰሽ» አለኝ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልሁና አለፍሁ። ሚስቱ ግራ ገብቷት አየችኝ። ትክክል ሠርቷል፤ ለኔም በጎ አድርጓል፤ አውቃለሁ። «የሌለ ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ግን ከአፉ የጎተትሁት እኔ ብሆንም እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከበዓሉ በኋላ ለጡረታው የሚሆነውን ደብዳቤ አዘጋጀሁ። የሠራተኛው ስም፣ የተቀጠረበት ቀን፣ የመጨረሻ ደመወዙ፣ አገልግሎቱ የተቋረጠበት ቀን፣ ምክንያቱ። ጋሼ ቢሮ ይዤ ገባሁ። ከዚያ የማጣሪያው ቤት ንግግር ወዲህ ከሥራ ውጭ ቃል አልተለዋወጥንም ነበር።

«አንብቢልኝ» አሉ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር።

አነበብሁ። «አገልግሎቱ የተቋረጠበት ምክንያት፦ ሞት» ስል እጃቸውን አነሡ።

«ይሄ ካልተባለ አይሆንም?»

«አይሆንም ጋሼ።»

ብዕሩን አነሡ። «አሥራ አንድ ዓመት» አሉ። «አንድ ቀን ጠዋት ጠብቄው አላውቅም። እኔ ስወጣ መኪናው ሞቆ ይጠብቀኛል። እኔ እኮ...» አልጨረሱትም። ፈረሙ። ማኅተሙን ራሳቸው መቱ፤ ሁልጊዜ የምመታው እኔ ነበርሁ።

ያኔ ገባኝ። ስሙን ዝርዝሩ ላይ ያቆዩት ለልጆቼ ብቻ ብለው አልነበረም። እሳቸውም ሰው ሞቶባቸው ነበር፤ ማንም ግን አላጽናናቸውም።

ደብዳቤውን ስወስድ መሳቢያቸውን ከፍተው ፖስታ አወጡ። ወደኔ አልዘረጉትም፤ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የጡረታው ነገር ጊዜ ይወስዳል» አሉ። «እስከዚያው ነው። ከኔ ኪስ ነው፤ ዝርዝር ላይ የለም፣ ማንም አይፈርምበትም። አልፈልግም ካልሽም አልቀየምም።»

ቁጣዬ አልበረደም ነበር። ስለ ጾሜ ያሉኝን አልረሳሁትም ነበር፤ በልጆቹ አፍ ነው የምትጽፊው ያሉኝንም። ቤቴ ውስጥ ግን ጤፉ አልቋል፣ የትንሿ ልጅ ጫማም ተቀዷል። የሰው እጅ አያዩም የተባሉት ልጆች የሰው እጅ ሊያዩ ነው። ይዩ ብዬ አሰብሁ። የማን እጅ እንደሆነ ከማያውቁ፣ አይተው ቢያውቁት ይሻላል።

ፖስታውን አነሣሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልሁ። «ለልጆቹ ከእርስዎ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።»

አሥራ አራት ወር ሙሉ ይህን አላልኋቸውም ነበር። ለደመወዝ ማን ያመሰግናል?

ፊታቸው ቀላ። «አይ እንግዲህ...» ብለው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ማንበብ ጀመሩ። በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።